የመሪጌታ አያሌው ሞተር ለምን ወደ ግራ ትስባለች

መሪጌታ አያሌው ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ በረንዳው ሥር ወደቆመችው ሞተራቸው ጎራ ይላሉ። በኪሎ ሜትር ቆጣሪው መስታወት ላይ እፍ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ ከዚያ በመሐል ጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። ቆጣሪው ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሳቸው ግን የተኛ ደቀ መዝሙር እንደሚቀሰቅሱ ሁሉ አንድ ቀን ነቅቶ መቁጠር ይጀምራል ብለው ያምናሉ።

በደብረ ታቦር የቅኔ መምህር ናቸው። በከተማው ካለው ጉባኤ ሌላ በገሳይ መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብርም የማስተማሪያ ወንበር አላቸው፤ ሞተሯን የገዙት በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደዚያ ለመመላለስ ነበር። ነፋሻ መንገድ ላይ ጢማቸው ወደ ኋላ ሲበተን ቅኔ ይመጣላቸዋል። ባለፈው ጥር እንዲሁ መጣላቸው። የመጀመሪያውን ቤት አሳምረው ዘጉ፤ ሁለተኛውን ሲቆጥሩ መንገዱ ታጠፈ፣ እሳቸው አልታጠፉም። ቦይ ውስጥ ገብተው፣ ሞተሯ እግራቸው ላይ ተኝታ፣ የምታመነዥክ ላም ከላይ ሆና ስታያቸው ሦስተኛው ቤት መጣላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሯን ሸጠው በቅሎ ሊገዙ ቆረጡ። በቅሎ መንገዱን ራሷ ታያለች። ወደ ገጠሩ መሄዱን ሲያቆሙ ለሰው የተናገሩት ግን «ጉልበቴ እንቢ አለኝ» ብለው ነው። ያለ ሐሳብ የሚቀኝ ተማሪ በተገኘ ቁጥር «ልብህን ሰብስብ!» እያሉ ዱላ የሚያነሱ መምህር፣ ልባቸው ተበትኖ ቦይ ገቡ ቢባል ነገ ማን ይፈራቸዋል?

ችግሩ የገጠሩ ደብር አስተዳዳሪ ቁርጥ ያለ ቃል መላካቸው ነበር፤ እስከ መስቀል የመመላለሻ ነገር ካልተበጀለት ወንበሩ ለመሪጌታ ይሻው ይሰጣል። ይሻው ደግሞ፣ በመሪጌታ አያሌው ሚዛን፣ ቅኔ ሲቀኝ የተቀደደ ከበሮ የሚመስል ሰው ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ራሳቸው ጻፉት። እንዴት አድርገው! ለቅዱሳን በሚደረሰው መልክዕ አምሳል ከመብራቷ እስከ ጎማዋ በየአካሏ እያወደሱ። «ሰላም ለዓይንኪ ዘያበርህ ጽልመተ» (ጨለማን ለሚያበራ ዓይንሽ ሰላምታ ይገባል) ብሎ ይጀምራል፤ ከታች ስልክ ቁጥር አለው። የጎረቤታቸው ልጅ ርብቃ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ሆና የከተማውን የሽያጭ ቻናል በቴሌግራም የምታንቀሳቅሰው፣ እንዳለ ለጠፈችላቸው። በነጋታው ከሥሩ መአት ሰው «አሜን» ብሎ ጽፏል። አንዲት ሴት ንግሡ መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ዋጋ የጠየቀ ግን አልነበረም።

«የኔታ፣ በእኔ መንገድ ልጻፈው?» አለች ርብቃ።

«በአንቺ መንገድ እንዴት ነው?»

«ያለውን ያለ ማለት ነው።»

«ይኼ ደግሞ ምን ድርሰት ይባላል?»

ርብቃ ወንበር ሰጥታቸው ስልኳን አወጣች። «እንደ አዲስ»፣ «ዶክተር የነዳት»፣ «ምንም የማይነካት» የሚባሉትን ቃላት አትጽፍም፤ እነሱን ያነበበ ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ኪሱን መያዝ ነው።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?»

«ሠላሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ።»

«ቆጣሪው ቆሞ የለ?»

መሪጌታ አቀረቀሩ። ርብቃ በሳምንት ምን ያህል እንደሚሄዱ ጠይቃ አባዛችና ጻፈች፦ «ቆጣሪው 31,640 ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ወደ ስምንት ሺህ ገደማ ተነድታለች፤ ይህ ግምት ነው።» ቀጠለች፦ «ዘይት በየጊዜው ተቀይሯል፤ ያለፈው ዓመት ሙሉ የጋራዥ ደረሰኝ አለ፣ የቀደመው ጠፍቷል። ካቴናውና ጥርሶቹ አምና አብረው ተቀይረዋል። የኋላ ጎማ ደህና ነው፣ የፊቱ አልቋል። ሊብሬው በሻጩ ስም ነው፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ መጥቶ ማመሳከር ይቻላል። የዘንድሮ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን አላት። ለስም ዝውውር ባልና ሚስት ቀርበው ይፈርማሉ።»

«ፈንታነሽንም አስገባሻት?» አሉ።

«ያለ እሳቸው ፊርማ ገዢው ምን ይሆናል? ጉድለቷስ?»

«የፊት ጎማዋን የያዘው እግሯ ተጣሟል። ወደ ግራ ትስባለች።»

«በምን?»

ወደ ደጁ አዩ። ርብቃ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው። በመጨረሻ ነገሩን ሁሉ፣ ላሟን ጭምር፣ ነገሯት። ሳቋን በነጠላዋ ስትሸፍን አዩ።

«ይህን ግን አትጽፊም። መጣመሙን ጻፊ፣ በምን እንደሆነ ተይው። በእመቤቴ!»

«ገዢ ይጠይቃል እኮ የኔታ።»

«ይጠይቅ!»

ጠየቀ። የደወለ ሁሉ ወረቀቷን ወደደ፣ ግምቱን አመነ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ሰው ገጭታ ነው?» ይላል። መሪጌታ «አይደለም» ይላሉ። «ታዲያ በምን?» ሲባሉ «እንዲሁ ነው» ብለው ይዘጋሉ። እንዲሁ የተጣመመ ብረት ደግሞ ማንም አይቶ አያውቅም።

በሳምንቱ የገበያው ወሬ ለተጣመመው ብረት ሟች አገኘለት። መጀመሪያ አንድ መንገደኛ ነበር፤ ቀጥሎ የእብናት በሬ ነጋዴ ሆነ፤ ሐሙስ ላይ ሁለት ልጆች ተወለዱለት። መሪጌታ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። ተማሪዎቻቸው ሳይነገራቸው ልባቸውን ሰበሰቡ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ደግሞ አንድ ምሽት ራት አቅርበው «እኔን እንኳ ትደብቀኝ?» ብለው አለቀሱ።

«ማንን ገደልኩ ብዬ ልንገርሽ?»

«እሱንማ አንተ ነህ የምታውቀው!»

ይሁን ብለው ቻሉት። ነፍሰ ገዳይ መባል ከባድ ነው፤ ነገር ግን፣ እግዜር ይይላቸውና፣ በነፍሰ ገዳይ የሚስቅ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን አቶ ሙላቴ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። አቶ ሙላቴ ደም በማድረቅ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔታ፣ የመጣነው ለበጎ ነው። የእግዚአብሔር ሰው ነዎት፣ ባላሰቡት ደረሰብዎት። የሟችን ወገኖች አነጋግረናል።»

መሪጌታ ደነገጡ። «የየትኛውን ሟች?»

«የእብናቱን ነዋ።»

«ወገኖቹ ምን አሉ?»

«ከብዙ ልመና በኋላ ካሣ ለመቀበል ፈቅደዋል» አሉ አቶ ሙላቴ በኩራት። «ሞተሯንም በካሣው እንይዛታለን ብለዋል።»

«ሞተሯን?»

«ለገጠሩ ወንበርም አይጨነቁ። በደም የተነካ ሰው እስኪታረቅ አያስተምርም፣ ደንብ ነው። መሪጌታ ይሻው በጊዜያዊነት ሊይዙልዎት ተስማምተዋል።»

መሪጌታ አያሌው ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ የጸጸት እንባ ጠበቁ፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንግዳ ጥለው፣ በባዶ እግራቸው ወደ ርብቃ ሱቅ ወጡ። አቶ ሙላቴ «ኧረ ይያዙ! ራሳቸውን እንዳይጎዱ!» እያሉ ተከተሏቸው።

ርብቃ ከነሽማግሌዎቹ ስታያቸው ከወንበሯ ተነሣች።

«ጻፊው» አሉ።

«የቱን የኔታ?»

«አትጻፊ ያልኩሽን ነዋ! ግን አሳምሪው። ‹ምስጢር ቢገለጥላቸው ጊዜ...› ብለሽ ጀምሪ።»

ርብቃ አንገቷን ደፍታ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ከጉድለቶቹ ሥር አንድ መስመር አስገባች፤ ስልኩንም ለአቶ ሙላቴ ሰጠች። አቶ ሙላቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ደጃፉ ላይ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አነበቡት፦

«የፊት እግሯ የተጣመመው ሰው ገጭታ አይደለም፤ ባለቤቷ እየነዱ ቅኔ ሲቆጥሩ መታጠፊያውን ስላላዩት ቦይ ውስጥ ገብተው ነው።»