እኔ የነደፍኩት፣ እሷ የምታዘው ጣሪያ

ታናሽ እህቴን የማያመሰግን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ቢገጥመኝ ኖሮ ወዳጄ አደርገው ነበር። በአራት ዓመት እበልጣታለሁ። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ምህንድስናም የገባችው እኔን አይታ ነው። እናታችን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ትንሿ ልጄ እኮ…» ብላ ትጀምራለች።

የሚያናድደው ደግሞ የምትጠላ አለመሆኗ ነው። ስትስቅ ዓይኖቿ ይጠፋሉ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ስለምትውል ቱታዋ አቧራ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኞቹን ልጆች ሳይቀር ታውቃለች። የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ የሕንፃ ማቀዝቀዣ እነድፋለሁ፤ እሷ ሕንፃው ሲያልቅ መቆጣጠሪያውን ፈትሻ ታስረክባለች። አለቃችን እኔ ንድፉን ዘርግቼ እየተናገርኩ፣ «እህትሽ ምን አለች?» ይለኛል። አንጀቴ ያራል!

ያን ሰሞን የነደፍኩት የአንድ ትልቅ አዳራሽ ጣሪያ ነበር። ከብረት ሰሌዳዎቹ ጀርባ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በቱቦዎቹ ቀዝቃዛ ውሃ ሲዞር ሰሌዳው ይበርዳል፣ የክፍሉን ሙቀትም ይስባል። ነፋስ የለ፣ ጩኸት የለ። አለቃችን «ይሄ ካማረ የሚቀጥለውን ሆስፒታል ንድፍ የምትመሪው አንቺ ነሽ» ብሎኛል። እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው።

የዚህ ጣሪያ ጠላት እርጥበት ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ የሚቋጠርበት ሙቀት አለ፤ የጤዛ ነጥብ እንለዋለን። ሰሌዳው ከዚያ በታች ከቀዘቀዘ ጣሪያው ያልበዋል። ስለዚህ እህቴ አዳራሹ ውስጥ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ሴንሰር ሰቅላ፣ ውሃው ሁልጊዜ ከጤዛው ነጥብ ሁለት ዲግሪ በላይ እንዲሆን መቆጣጠሪያውን አዘዘችው። እኔ የነደፍኩት በአሥራ አራት ዲግሪ ውሃ ነው፤ በደረቅ ቀን ጣሪያው ምንም አይሆንም።

የሙከራው ዕለት ዝናብ ነበር። የሕንፃው ባለቤት ሁለት መቶ ሰው ጠርቶ አዳራሹን ሞላው፤ በሮቹም ወለል ብለው ተከፈቱ። የሰዉ ትንፋሽና የውጪው አየር ተደምሮ የጤዛው ነጥብ ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ ስድስት ወጣ። የእህቴ መቆጣጠሪያም ውሃውን ወደ አሥራ ስምንት አነሳው። አዳራሹ ሞቀ። ባለቤቱ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ወደ እኔ ዞረና፣ «የእኔ እመቤት፣ ጣሪያሽ ለጌጥ ነው እንዴ?» አለኝ።

እህቴ መጥታ በጆሮዬ፣ «እትዬ፣ በሮቹን አዘግቻለሁ። ከማድረቂያው የሚገባው ደረቅ አየር እርጥበቱን እስኪያወጣው ግማሽ ሰዓት ብቻ ታገሺ» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እሷ ታዛለች፣ የእኔ ሥራ ይዋረዳል! ሆነ ብላ ነው አልኩ። ወደ ፓምፕ ክፍል ወርጄ፣ በራሴ የይለፍ ቁጥር ገብቼ የውሃውን ቫልቭ ከእሷ ትእዛዝ አወጣሁት፤ ውሃውንም አሥራ አራት ላይ አሰርኩት። ጤዛው አሥራ ስድስት እንደሆነ እያወቅሁ። ይህን የሠራ ባለሙያ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ በጆሮው ጎትቼ አስወጣው ነበር።

ስመለስ አዳራሹ በረድ ብሏል፤ ባለቤቱም ፈገግ አለልኝ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ዓለም የእኔ ነበረች። ከዚያ አንድ ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛው በእጁ የያዘው ወረቀት ላይ። ቀና ስንል የሰሌዳዎቹ ጠርዝ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

ከእንግዶቹ መሃል የነበረው አለቃችን አመድ መስሎ፣ «ማነው የነካው?» አለ።

እህቴ የመቆጣጠሪያውን መዝገብ ከፍታ አየች። የእኔ የይለፍ ቁጥር እዚያ አለ። ቀና ብላ አየችኝና ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «ስህተቱ የእኔ ነው» አለች።

ኧረ በሕግ! ጥፋቴን እንኳን ልትወስድብኝ? ነገ ሁሉም ይሄንንም ሰምቶ ሊያመሰግናት?

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ቫልቩን በእጄ የቀየርኩት እኔ ነኝ። የእሷ ሥራ ልክ ነበር።» ሕሊና ነው እንዳትሉኝ፤ ቅናት ነው ያናዘዘኝ።

ሆስፒታሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለእናታችን ራሴ ነገርኳት። ስድብ ስጠብቅ እቅፍ አደረገችኝ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔ ነኝ ማለት ቀላል ነው? ይሄ ነው ጀግንነት!» አለች። ከዚያ ወደ ታናሿ ዞረች። «አንቺስ ባልሠራሽው ነገር መዋሸት ምን አመጣው?»

እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። እናታችን አልሰማቻትም፤ ጀርባዬን እያሻሸች ነበር። የእህቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ያን ስሜት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ አንድ ቃል ብናገር ይቀላት ነበር።

ምሳዬን በላሁ። እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።