«በቅርቡ» የሚባለው ቀን

ሀብትነሽ ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን ረፋድ ላይ ቡሬ ወደሚገኘው የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ስትገባ ከወገቧ በታች ጭቃ ብቻ ነበረች። ከቀበሌዋ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛለች። ለዚያውም ለሦስተኛ ጊዜ።

ለገበሬዎች የስልክ መልእክት የምትልከው ራጂያ ገና ቀና ከማለቷ ሴትዮዋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንብቢልኝ።»

ራጂያ አነበበች። «የበቆሎ ምርጥ ዘር በቅርቡ ስለሚገባ በአስቸኳይ ቀርበው እንዲወስዱ።» የላከችው ራሷ ናት። ከአምስት ቀን በፊት።

«ልጄ ያምሮትም እንደዚሁ ነው ያነበበችልኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይኸ በቅርቡ የሚባለው ከማክሰኞ በፊት ነው በኋላ? ቄሱንም ጠየቅኋቸው፤ ‹ሀብትነሽ፣ በዚህ ስም የሚነግሥ ታቦት አላውቅም› አሉኝ።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«አትሳቁ! ባሌን ቀብሬ ዓመት አልሞላኝም። የባሌ ወንድም ክንዱ ሽማግሌ ሰብስቦ ‹እስከ ቅዳሜ ግንቦት 23 ዘር በእጅሽ ካልገባ መሬቱን እኔ በእኩል አርሰዋለሁ› ብሎ አስወስኖብኛል። እርሻው ሦስት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ዘንድሮ በእኩል ከያዘው ደግሞ ለከርሞ ይመልስልኛል? የሰው ቀን ቁርጥ ነው፤ የእናንተ ቀን ግን ጉም!»

ራጂያ ፊቷ ጋለ። ቡሬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ካደጉ ሰዎች ነው የተወለደችው። አባቷ ሙሄዲን ለደንበኛ «ዕቃው ሐሙስ ይገባል» ካለ ሐሙስ ይገባል፤ ካልገባ ረቡዕ ማታ ሰው ይልካል። እሷ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ቢሮ ገብታ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ቀበሌ ጉም ስትበትን ከርማለች።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ይቀመጡ። ዛሬ ቁርጡን ሳልነግርዎ አይሄዱም» አለች።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጡትን መልእክቶች አንድ ላይ ከፈተቻቸው። ስድሳ አንድ ናቸው፤ ሊላኩ የተዘጋጁና በየሳምንቱ የሚደጋገሙ። ቃላቱን እየጻፈች ፈለገች። «በቅርቡ» አርባ ቦታ። «በአስቸኳይ» አሥራ ሰባት። «ሰሞኑን»፣ «በተቻለ ፍጥነት»፣ «ሳይዘገይ»። ደሟ ፈላ። አርባውንም «በቅርቡ» በአንድ ትእዛዝ «ዓርብ ግንቦት 15» አድርጋ ቀየረቻቸውና ለመላክ እጇን ዘረጋች።

ደግነቱ አንዱን አነበበች። «ዓርብ ግንቦት 15 የተመዘገባችሁ አዳዲስ አባላት ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። ሰዎቹ የተመዘገቡት ባለፈው ወር ነው! ከሥሩ ያለው ደግሞ ዘሩ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ላልታወቀ ቀበሌ ቀን ቆርጧል።

«አሁንስ ባሰብኝ» አለች ለራሷ። «ያ ጉም ነበር፤ ይኸ ግን ውሸት ነው።» ሁሉንም ወደነበረበት መለሰችና ፍኖተ ሰላም ላለው ኃላፊዋ ለአቶ ክንፈሚካኤል ደወለች።

«መኪናው መቼ ነው የሚደርሰው፣ ጌታዬ?»

«በቅርቡ።»

«ቀኑን ነው የምጠይቅዎ። ሰዓቱን ጭምር።»

«ራጂያ፣ ብልህ ሁኚ እንጂ! ቀን ከሰጠሽ እኮ ቀኑ ይይዝሻል። በቅርቡ ካልሽ ግን ማን ይጠይቅሻል?»

«እሱማ ማንም አይጠይቅዎም። የሚጠየቀው ሦስት ሰዓት በጭቃ የሚመጣው ሰው ጉልበት ነው። እንግዲያው እንዲህ ላድርግ፤ ‹በቅርቡ› በሚለው ሥር ሁሉ የእርስዎን ስልክ ቁጥር ልጻፍ። ሰዎቹ መቼ እንደሆነ እርስዎን ይጠይቁ።»

ወረፋው ውስጥ የቆመ አንድ ሽማግሌ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመኪናዎቹ ፕሮግራም በቴሌግራም መጣ። የመጀመሪያው መኪና «ሜይ 27፣ 15:00» ይላል። ራጂያ በወረቀት ላይ አሰላችው፤ ማክሰኞ ግንቦት 19 ከቀኑ 9 ሰዓት። ፈረንጅኛውን እንዳለ ብትልከው ስንቱ ሰው በስንት ቀን ተሳስቶ ይመጣ እንደነበር አሰበችና ይበልጥ ተናደደች።

ከዚያ ከመጋዘን ጠባቂው ከጋሽ ደጀኔ ጋር እየተማከረች አንድ በአንድ ማረም ጀመረች። «ስም ዝርዝር በአስቸኳይ ይላክ» የሚለው «ስም ዝርዝር እስከ ሰኞ ግንቦት 18 ከቀኑ 9 ሰዓት ይላክ» ሆነ። ዘሩ ላልታወቀበት ቀበሌ ቀን አልፈጠረችም፤ «ቀኑን ገና አላወቅንም፤ እስከ ዓርብ ግንቦት 15 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ያለውን እንነግራችኋለን፤ እስከዚያ አትምጡ» ብላ ጻፈች።

የሀብትነሽ ቀበሌ ሲደርስ ፕሮግራሙን አይታ «ሐሙስ ግንቦት 21» አለች።

ጋሽ ደጀኔ እጁን አራገበ። «ኧረ በስመ አብ! የግንቦት ማርያም ናት እኮ! ማን ጆንያ ይሸከምልሻል? መጋዘኑም ዝግ ነው።»

«እኔማ የእስላም ልጅ፣ በምን አውቄው! ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ፕሮግራሙን ሲያወጣ ጫኝ ሁሉ ክርስቲያን መሆኑን አያውቅም?»

«እነሱ ለማርያም በዓል ቤታቸው ተቀምጠው ይበሉ» አለች ሀብትነሽ ከተቀመጠችበት፤ «ሰው ግን ዝግ በር ለማየት ይምጣላቸው!»

ረቡዕ ግንቦት 20፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተባለ። ሀብትነሽ ቀኑን ሦስት ጊዜ አስደግማ ቤቷ ገባች።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መኪናው የለም። ዘጠኝ ተኩል። ራጂያ ደወለች፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል፣ ሐሙስ በበዓሉ የራሱን አውራጆች ይዞ ይገባል ተባለች። አቶ ክንፈሚካኤልም ራሱ ደወለ።

«አላልኩሽም? ያውልሽ፣ ቀኑ ያዘን!»

«ይያዘን እንጂ!» አለችው። «የያዘን ቀን ስለሆነ ነው አሁን ሰውን ከመንገድ የምመልሰው። ‹በቅርቡ› ብዬ ቢሆን ኖሮ ምኑን ልሰርዝ?»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ መልእክቱ ሄደ፦ «ለረቡዕ ግንቦት 20 የተቀጠረው ቀርቷል፤ መኪና ተበላሽቷል። ረቡዕ አትምጡ። ዓርብ ግንቦት 22 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኑ።» ለሀብትነሽ ግን ራሷ ደወለች። ያምሮት ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

«ዓርብ?» አለች ሀብትነሽ። «ቅዳሜ እኮ ቀነ ቀጠሮዬ ነው፣ ልጄ። ዓርብ ካለፈ መሬቴ ሄደ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። መኪናው ሐሙስ ካልገባ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት እደውልልዎታለሁ። ካልደወልኩ ገብቷል ማለት ነው፤ ይምጡ።»

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ስልኩ አልጮኸም።

ዓርብ ጠዋት ሀብትነሽ አህያዋን እየነዳች መጣች፤ ክንዱም ለምስክር ይሁን ለመሳለቅ ሳይታወቅ ከኋላዋ። ሦስት ሰዓት ሆነ። የመጋዘኑ በር አልተከፈተም። ሦስት ከሩብ ሲሆን ሀብትነሽ በሩን በዱላዋ ደበደበችው።

«ደጀኔ! ሦስት ሰዓት ነው የተባልነው! በጽሑፍ ይዘነዋል!»

ሠላሳ የሚሆን ሰው ስልኩን እያወጣ «በጽሑፍ ነው!» ብሎ ተቀበላት። ጋሽ ደጀኔ ቁልፉን እያንቃጨለ፣ ቁርሱን ገና እያላመጠ መጣ። በመስኮት የምታየው ራጂያ ሳቋ አመለጣት።

ሀብትነሽ ሁለት ከረጢት ዘር ፈርማ ተቀበለች። አህያዋ ላይ አስጭና፣ ገመዱን ራሷ አጥብቃ፣ ወደ ክንዱ ዞረች።

«ነገ ቅዳሜ ነው። ዘሩ በእጄ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ያዩታል። አንተ ደግሞ ለወንድምህ ልጆች ካሰብህ በሬዎችህን አምጣልኝ።»

«እሺ፣ በጠዋት አመጣለሁ» አለ ክንዱ መሬት መሬት እያየ።

«በጠዋት አላልኩህም። አንድ ሰዓት ላይ።»