ክንፈ የሰቀለው መስተዋት

ወላሂ፣ በክንፈ ላይ ሰው ሲያላግጥ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምን ያውቃሉ? እኔ ሀጀራ ግን እዚያው ነበርኩ፤ ሜትሩን ይዤለታለሁ፣ ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያ ክፉ ቀን። መካነ ሰላም ላይ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያውን የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ክንፈ ደግሞ የመብራት ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ሽቦ የሚዘረጋው ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን የለም። ሲሰድቡት እንኳ “እሺ” ይላል። ያናድደኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን እህቱ አልታዬ ከወግዲ በእግሯ መጣች። ባሏንም ልጇንም መንገድ ላይ ቀብራ ነው የመጣችው። እግሯ አብጧል፣ ፊቷም አብጧል። ሐኪም ቤቱ ውስጥ የቀረው ድሬሰር አይቷት፣ “ይሄ የረሀብ እብጠት ነው፤ ደሴ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም” አለው። ደሴ በምን ይኬዳል? አውቶብስ ከቆመ ሰንብቷል። ያለው አንድ መኪና ነው፤ እሱም እህል አራግፎ ሲመለስ ስድስት በሽተኛ ብቻ ይጭናል። ስድስቱን የሚመርጠው ከላይ የተላከ አንድ ጓድ ነው። የሚያድረውም እኔ ቤት፣ ማለቴ ማረፊያው ነው።

ይሄ ጓድ በመጣ በማግስቱ ጢሙን ሊላጭ መታጠቢያ ቤት ገባ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። መብራቱ ከጣሪያ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል፣ መስተዋቷ መዳፍ የምታህል ስባሪ። ትንሽ ቆይቶ አገጩ እየደማ ወጣ። “ማነው ይሄን የሠራው? ዓይኔ ጉድጓድ፣ ጉንጬ ጉድጓድ! የመጠለያ ጣቢያው ረሀብተኛ መሰልኩ እኮ!” ብሎ ጮኸ።

ክንፈ ተጠራ። ገብቶ አየና፣ “ጓድ፣ ብርሃኑ ካናት ስለሚወርድ ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ያርፋል፤ ዓይን ሥርና አገጭ ሥር ጥላ ይጥላል” አለ።

“ታስተካክለዋለህ?”

“አስተካክላለሁ።” ከዚያ፣ በሕይወቱ አንዴ ደፈረና፣ “እህቴ ታማብኛለች፤ መኪናው ላይ . . .” አለ።

“ሥራህን ጨርስ። ከነገ ወዲያ ከመነሳታችን በፊት አምጣትና ልያት። የባሰባት ከሆነች ትሄዳለች።”

ያን ቀን ክንፈ እንደ ሠራው ሰው ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ከአንድ የተሰበረ ቁም ሳጥን መስተዋት ቆረጠ፤ ስፋቱ ስልሳ ሳንቲም፣ ቁመቱ ሰማንያ። እኔን ከመታጠቢያው ሳህን ፊት አቆመኝና ዓይኔ የት እንደሚደርስ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

“እትዬ ሀጀራ፣ እርስዎ አጭር ነዎት፣ ጓዱ ረጅም ነው፤ መስተዋቱ ሁለታችሁንም መያዝ አለበት” አለኝ።

“አጭር አልከኝ? እሰይ፣ ዛሬ ምላስ አወጣህ!” አልኩት። ሳቀ። የመጨረሻ ሳቁ እሱ ነው።

የመስተዋቱ ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ላይኛው ሁለት ሜትር ላይ ሆነ። አምፖሎቹን ከመስተዋቱ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት ላይ ተከለ፤ የጓዱ ዓይን የሚደርስበት ነው። በሁለቱ መካከል ሰባ አምስት ሳንቲም ተወ። መጀመሪያ ያገኘው አንዱ ባለ ስልሳ፣ አንዱ ባለ አርባ ሻማ ነበር፤ ቢያበራው ግማሽ ፊቴ ጠቆረ። ሄዶ ሌላ ባለ አርባ ለመነና ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። ዓይን እንዳይወጉ ወተት የመሰለ የብርጭቆ ሽፋን አለበሳቸው። ግድግዳውንም ኖራ ቀባው፤ ብርሃኑ ተመልሶ አገጭ ሥር እንዲገባ ነው አለኝ። የጣሪያውን አምፖል ነቅሎ ወሰደ።

ሲያበራው፣ ያረብ! ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ መሰልኩ። ፊቴ ላይ አንድ ጥላ የለም። ዞር ብል፣ አገጬን ባነሳ፣ የለም።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሹም ፊት ማንም እንደነበረ አይቀርብም። የተበደለም፣ የታመመም ታጥቦ ነው የሚቀርበው፤ ነውር ነው። መኪናው በሚነሳበት ዕለት ገና ሳይነጋ አልታዬን ቤቴ ወስጄ አጠብኳት። ጸጉሯን አበጠርኩ፤ ፊቷን ቫዝሊን ቀባኋት። የራሴን ረጅም ቀሚስ አለበስኳት፤ እግሯ ድረስ ሸፈናት። “ሙሽራ መሰልሽ” አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ።

ክንፈ ሞተሩን አስነስቶ መጣ። እጇን ይዘን ገባን። ጓዱ ሳሙናውን ፊቱ ላይ እንደለደፈ ይላጫል፤ ደስ ብሎታል። “አንተ፣ ጎበዝ ነህ!” አለው። “የታለች? ወደ ብርሃኑ አምጣት።”

አልታዬ መስተዋቱ ፊት ቆመች። እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ያበጠው ፊቷ በዚያ ብርሃን ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል። የዓይኗ ሥር ጉድጓድ የለም፣ ምንም የለም። የጠገበች ሴት።

“ይቺ ናት የታመመችው?” አለ ጓዱ። “ከኔ ትሻላለች እኮ!”

“ጓድ፣ ውሃ ነው!” አለ ክንፈ። “እብጠት ነው፤ እግሯን ይዩት!” ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ቀሚሷን ገለጠ። ቅልጥሟን በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ የገባበት ጎድጉዶ ቀረ። ጓዱ ግን ወደ ታች አላየም። ምላጩን አገጩ ሥር እያስኬደ ነበር።

ያኔ ክንፈ ተነሳና የግራውን ሽፋን አውልቆ የጋለውን አምፖል በባዶ እጁ ነቀለው። ቆዳው ሲጠበስ ሸተተኝ። “አሁን ይዩዋት! እንደዚህ ይዩዋት!” አለ። እውነትም ግማሽ ፊቷ ጨለመ፣ ዓይኗ ገባ፣ ሞቷ ታየ። ነገር ግን የጓዱም ግማሽ ፊት ጨለመ።

“አሻጥር ነው ይሄ! መልሰው!” ብሎ ጮኸ። በር ላይ ያለው ጠመንጃ ያዥ ብቅ አለ። ክንፈ መለሰው። ምን ያድርግ?

እኔ መናገር ነበረብኝ። “እኔ ነኝ ያጠብኳት፤ እኔ ነኝ የቀባኋት” ማለት ነበረብኝ። 

የተናገረችው አልታዬ ናት። ከመጣን ጀምሮ ዓይኗን ከመስተዋቱ አልነቀለችም። ከወግዲ ከወጣች ወዲህ ፊቷን አይታው አታውቅም። ጉንጯን በሁለት ጣት ነካ ነካ አደረገችና ፈገግ አለች።

“ወንድምዬ፣ አትጣላ” አለችው። “እውነታቸውን ነው፤ ድኛለሁ እኮ። እየው። ቦታዬን ለባሰባት ይስጧት።”

“አየህ?” አለ ጓዱ።

መኪናው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ሰው ጭኖ ሄደ። አልታዬ በአራተኛው ቀን እኔ መደብ ላይ አረፈች። እስከ መጨረሻው፣ “ድኛለሁ፣ አይቼዋለሁ” ትል ነበር። ክንፈ አልተከራከራትም።

ክንፈ ዛሬ የሰው ፊት አያምንም። ሰላም ስትሉት ጎንበስ ብሎ እግራችሁን ያያል፤ የሚያውቀው ሰው ከሆነ ቅልጥሙን በጣቱ ይጫናል። ጣቱን ሲያነሳ ቆዳው ከተመለሰ፣ “ደህና ነህ” ብሎ ያልፋል። በዚህ ነው የምትስቁበት።