ሳምቡሳ በሰፌድ

የአባቴ የልብ ሐኪም ዘይት የበዛበት ምግብ የከለከለው በግልጽ አማርኛ ነው። አባቴ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው በመሆኑ፣ የተዘጋ መንገድ ሲያይ ወዲያው የሚፈልገው ማቋረጫ ነው። «ዘይት ተው አለኝ እንጂ ሳምቡሳ ተው አላለኝም» ይላል።

ሳምቡሳ ለእሱ ሃይማኖት ቀረሽ ነገር ነው። እናቴ ከሐኪሙ ትእዛዝ በኋላ መጥበሻዋን አጥባ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለች፤ እሱም አኩርፎ ቅቅል ድንች በላ። አንድ ቀን ከቀጠሮው ሲመለስ እናቴ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች። ዘይት የጠጣ ወረቀት ወጣ። ሰውየው የደም ግፊቱን አስለክቶ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ፣ እዚያው ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ መንገድ ዳር ከምትጠብስ ሴት ሳምቡሳ ሲበላ ኖሯል።

እናቴ አልጮኸችም። ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ደግሞ ቁስቋም ድረስ ይሰማል። እኔ ግን ፈራሁ። አባቴ በሳምቡሳ ምክንያት ሞተ ተብሎ ለቀስተኛ ፊት መቀመጥ አልፈለግሁም። በማግስቱ ያለ ዘይት ይጠብሳል የሚባለውን ማሽን፣ ኤር ፍራየር፣ ገዝቼ ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት የእኔ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አሠራር «በጋለ ዘይት፣ በ190 ዲግሪ፣ አምስት ደቂቃ» ይላል። ዘይቱን ትቼ ቁጥሩን እንዳለ ማሽኑ ላይ ሞላሁት። የወጣው ሳምቡሳ ነጭና ደረቅ ነበር፤ ሊጡ ዱቄት ዱቄት ይላል። አባቴ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳው። «ይሄ ከልቤ በፊት ጥርሴን ነው የሚጨርሰው» አለ።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን አነበብኩ፤ በእኛ ቤት መመሪያ የሚነበበው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ እንደ መሻሻል ቁጠሩልኝ። ሙቀቱን ከዘይቱ አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ፣ ደቂቃውን እጥፍና ትንሽ በላይ ማስረዘም፣ ላዩን ዘይት ቀባ ማድረግ፣ ሳይደራርቡ መደርደር፣ መሃል ላይ ቅርጫቱን አውጥቶ መነቅነቅ።

እናቴ ሁሉንም ተቀበለች፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በስተቀር። «ለሦስት ሳምቡሳ ማሽን አይነሳም» ብላ ቅርጫቱን እስከ አፉ ሞላችው። መሃል ላይ ልከፍት እጄን ስዘረጋ መታችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልነቀንቀው ነዋ፣ እማዬ።»

«ድፎ ዳቦ ሳይበስል የሚከፍት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አርፈሽ ተቀመጪ።»

አርፌ ተቀመጥኩ። ከላይ ያሉት ቡናማ ሆኑ፣ የታችኞቹ ተጣብቀው ገርጥተው ቀሩ። አባቴ ያን ቀን ኮቱን ለብሶ «ቀጠሮዬ መቼ ነበር?» አለ። እናቴ ፊቷ ሲቀየር አየሁ። ከማሽኑ ጋር ሳይሆን፣ መንገድ ዳር ካለችው ሴት ጋር እየተፎካከረች እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ለሦስተኛው ሙከራ ሊጡን እንደ ወረቀት ዳመጠችው፤ ምስሩን ከቃሪያ ጋር ሞልታ ጠርዙን በውሃ በበጠበጠችው ዱቄት አሸገች። ዘይቱን በጣቷ ቀባቻቸው። እኔ ማሽኑን አስቀድሜ አሞቅሁት፤ 175 ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ። አራርቀን ደረደርናቸው።

«ዘይት ዙሪያውን ይነካል» አልኳት። «ይሄ ግን የጋለ ንፋስ ነው። ያልደረሰበት ጎን አይበስልም።»

«ንፋስ ነው እንዴ?» አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቆዳቸው ሳይጠነክር ቢነኩ ጠርዛቸው ይከፈታል፤ ስድስት ደቂቃ ጠበቅን። ቅርጫቱን ሳወጣ ግራና ቀኝ ነቀነቅሁት። ሳምቡሳዎቹ እየተንሸራተቱ አንዱ ባንዱ ላይ ወጡ፤ የተገለበጠ የለም። እናቴ ቅርጫቱን ከእጄ ቀማችኝ። እጀታውን በጨርቅ ይዛ፣ ጤፍ በሰፌድ እንደምታበጥረው ሰበቅ አደረገችው። ሁሉም ብድግ ብለው ተገልብጠው ወረዱ፤ አንድም አልተተረተረ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት በከንቱ ነው አልኩ በልቤ።

አባቴ የመጀመሪያውን ሲነክስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለን ሁለታችንም ድምፁን ለመስማት ጆሯችንን አቁመን ነበር። ቀሽ አለ። ቀና ብሎ አላየንም፤ ሁለተኛውን አነሳ። «ደህና ነው» አለ። እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ አመስግኖን አያውቅም።

የቀጠሮው ቀን ሲመለስ እናቴ ኮቱን እንኳን ሳያወልቅ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ያው ዘይት የጠጣ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው፤ ውስጡ ግማሽ ሳምቡሳ አለ።

አባቴ በሕይወቱ ሳምቡሳ ተርፎት አያውቅም።

«ዘይቱ በዛብኝ» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

እናቴ ከግማሹ ቆርሳ ቀመሰች፣ ቀስ ብላ አኘከችው፤ ከዚያ ማሽኑን 175 ላይ አድርጋ ልታሞቅ ተነሳች።