የማንቆርቆሪያዋ ጥቁር ጠርዝ

ባሌን ሰፈሩ «ጥላ አባራሪ» ይለዋል። ሃያ ዓመት የሙሽራ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ አንድ ቀን «ከዚህ በኋላ ዓይኑን የሚጨፍን ነገር አላነሳም» አለና ወደ ዕቃ ዞረ። አሁን በኢንተርኔት ገበያ የሚሸጡ ጫማዎችን፣ ድስቶችንና ሽቶዎችን ሳሎናችን ውስጥ በንጹሕ ነጭ ላይ ያነሳል። ሶፋው ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። በቦታው ከጣሪያ የወረደ ነጭ ወረቀት ሳይታጠፍ ጎበጥ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ ግድግዳና ጠረጴዛ የሚገናኙበት መስመር እንዳይታይ ነው። እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት አልጋ ላይ እናስቀምጣለን።

እሱ ነጭ ካለ ነጭ ነው። ዓይኑን አያምንም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ይለካል። ሦስቱም ቀለሞች፣ ቀዩም አረንጓዴውም ሰማያዊውም፣ የንጹሕ ነጭን ልክ 255 ካላሉ እህል አይቀምስም። 254 ካሉማ ቤቱ ውስጥ ሰው የታመመ ይመስላል። ይህ አልበቃ ብሎት፣ ቀለሙ ዕቃው ላይ ያርፋል እያለ ባለቀለም ልብስ ከሳሎን አገደ። ጥቁርማ ጭራሽ ጠላቱ ነው።

ታናሽ እህቴ የቢሮ ሥራዋን ትታ ትንሽ ወርክሾፕ ከፍታለች። የማይዝግ ብረት ማንቆርቆሪያ ትሠራለች፤ ስትወለውለው መስታወት ያስንቃል። የኢንተርኔት ገበያው እንዲቀበላት ፎቶ ማቅረብ ነበረባት፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ያው የእህቷ ባል ነው።

የመጀመሪያውን ሲያነሳ ጀርባው 255 መሆኑን እየለካ የማንቆርቆሪያዋን ሆድ ማየት ረሳ። ሆዷ ውስጥ መስኮቱ፣ መብራቱ፣ ካሜራው፣ እኔም ወጥ ቤት በር ላይ በቀይ ሹራቤ መጥበሻ ይዤ ነበርን። «ምስሉ ላይ ሰው ይታያል» ብለው የገበያው ሰዎች መለሱት። ምን ላድርግ፣ ቢያንስ ጸጉሬን ተሠርቼ ነበር።

ሁለተኛውን በእልህ አነሳው። ማንቆርቆሪያዋን ዙሪያዋን በነጭ ወረቀት ከቦ ለካሜራው ዓይን ብቻ ቀዳዳ ተወለት። ጥላውንም ጠራርጎ አጠፋው። ውጤቱ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ፤ ነጭ ብቻ ያየ ብረት ነጭ ሆኖ ከጀርባው ጋር ቀለጠና ጥቁሩ እጀታ ብቻውን አየር ላይ ተንጠለጠለ። «የዕቃው ቅርጽ አይለይም» አሉ። ሦስተኛው ከተመለሰ እህቴ ለስድስት ወር ዳግመኛ ማመልከት አትችልም።

በማግስቱ መጣችና አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ሌላ ፎቶ ቤት ልውሰዳት?» አለችው።

«ውሰጃት» አለ። ካሜራውን ግን አልለቀቀም። የምሥቅበት ሰው ነው፣ የዚያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ማየቱን አልቻልኩምና ተነሳሁ። ልተኩሰው የያዝኩትን ጥቁር ቀሚሴን ዘርግቼ፣ ክልከላውን ረስቼ በግራ በኩል፣ በጠረጴዛውና ዙሪያውን በከበበው ነጭ ወረቀት መካከል አለፍኩ።

«ቁሚ» አለ።

«ይቅርታ፣ ወጣሁ።»

«ቁሚ አልኩሽ እኮ። ዝቅ አድርጊው። ጥቂት ወደ ኋላ።»

እህቴ የካሜራውን ስክሪን አየችና አፏን ያዘች። እኔ ከፎቶው ውጭ ነበርኩ፤ የማንቆርቆሪያዋ ግራ ጎን ላይ ግን ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዶ ነበር። ጎኗ ከነጩ ተለየ።

«ሃያ ዓመት ነጭ ቬሎን ከነጭ ግድግዳ የለየሁት በምን ነበር?» አለ ባሌ ራሱን እየነቀነቀ። «ጥቁር ሰሌዳ በጎን እያቆምኩ እኮ ነው። ከዚህ ቤት ጥቁር ያባረርኩት እኔው ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል። የሠርግ ሥራ ጥቁር ሱሪውን አውጥቶ ለእህቴ ሰጣትና በቀኝ አቆማት። ስንቀርብ መስመሩ ይወፍራል፣ ስንርቅ ይሳሳል። ማንቆርቆሪያዋን ወደ ፊት ሳብ አደረጋት፤ ለጀርባው ብቻ የተተከሉት ሁለት መብራቶች ብርሃናቸው ዞሮ ጠርዟን እንዳይበላው ነው። ከላይ ያለውን መብራት በስስ ነጭ ጨርቅ ጋረደው። ግርጌዋ ላይ ለስላሳ ጥላ ቀረች፣ እሷንም አላባረራትም። ጥላዋ ባትኖር ማንቆርቆሪያዋ ትንሳፈፍ ነበር።

«ዝግጁ? ፈገግ በሉ» አለ ከልማዱ።

ፎቶው ውስጥ ባንኖርም ፈገግ አልን። ሆዷ ላይ የቀረችውን የካሜራ ነጥብ በኮምፒውተር አጠፋት፤ ጀርባውን ለካው፣ 255። ላከው።

ሁለት ቀን እህቴ ስልኳን ትራስ ሥር አድርጋ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «እትዬ፣ ተቀበሉኝ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ባሌ ሰምቶ እንዳልሰማ ሌንሱን ይወለውል ነበር፣ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቷል።

ገጹን ከፍቼ ፎቶውን አሰፋሁት። ሌላው ገዢ ማንቆርቆሪያ ያያል፤ እኔ በግራ ጠርዟ በኩል የራሴን ቀሚስ አየሁ።

«በል እንግዲህ፣ ጥቁር ለብሼ ሳሎን መግባት ተፈቀደልኝ?» አልኩት።

ሌንሱን አስቀመጠ። «በግራ በኩል ከቆምሽ።»