አራስ ቤት የገባው ፍም

እስከ ዛሬ ከትምህርት ቤት ደብተር በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ላወራ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ይህ ነገር ግን ስቀመጥ ያስነሣኛል፣ ስነሣ ያስቀምጠኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ላግዛት ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን በመጋረጃ ከፍለው በአንድ በኩል ይተኛሉ፣ በሌላው ያበስላሉ። ባሏ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ ብዙውን ቀን አይኖርም። ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት የግቢው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ እጅ ያስለቅሳል።

ብዙም ሳይቆይ የባሏ እናት ከአንኮበር መጡ። የቄስ ሚስት ናቸው፣ ረጋ ያሉ፣ የሚፈሩም። በነጠላቸው ጫፍ ዕጣንና ከርቤ ቋጥረው ነበር። ገና አረፍ ሳይሉ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ሄደ። አራስ እዚህ ነፋስ ላይ እንዴት ትተኛለች ብለው ክፍተቱን ሁሉ በጨርቅ አስወተፉኝ። የበሩን ሥር ደግሞ ባረጀ ብርድ ልብስ አስደፈኑኝ። ከዚያ ከሰል አቀጣጥዬ እንዳስገባ አዘዙኝ። እሳቱ ቤቱን ያሞቃል፤ ዕጣኑ ደግሞ ጠዋትና ማታ ሳይቋረጥ እስከ ክርስትናው ድረስ ይጨሳል፤ የሰው ዓይንም ምችም አራሷን አይደፍራትም አሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ በዚያው ቀን ነገሩን። የበኩር ልጃቸው አራስ ቤት ሳሉ ነው የሞተባቸው። ዕጣን አሳንሰው ስለነበር ነው ብለው ያምናሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ቋጠሮውን ብቻ ደጋግመው ፈተው አሰሩት። ለልጅ ልጃቸው ሊያሳንሱ አልፈለጉም።

ከሰሉን ግቢ ውስጥ ነበር የማያይዘው። እሳቸው ግን ብርዱን ፈርተው ያጣድፉኛል፤ ገና ግማሹ ጥቁር እንደሆነ፣ እየጨሰ፣ ማንደጃውን ይዤ እገባለሁ። እሳቸው ከርቤውን በጭብጥ ሙሉ ይበትኑበታል። ከርቤ እንደ ዕጣን አይደለም፤ ጭሱ ወፍራም ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይመርራል። ከመጋረጃው ማዶ ያለችው እህቴ እስከማትታየኝ ድረስ ቤቱን ይሞላል። ጭሱ ሲጠራ ጥሩ ሽታ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁላችንም ቤቱ የጸዳ ይመስለናል። ፍሙ ግን እዚያው ነው።

እህቴን ራስ ምታት ጀመራት። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ የጉልበት መክዳት። አማቷ ምች ነው አሉና ከርቤ ጨመሩ። ሲብስባት በሩን የበለጠ አስደፈኑ።

እኔ እረፍት አጣሁ። የእኔም ራስ ይመታኝ ነበር፤ ውኃ ልቀዳ ወደ ቧንቧው ስሄድ ግን መንገድ ላይ ይተወኛል። ተመልሼ ስገባ እንደገና ይይዘኛል። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ከዚያ ሌላውን ሰው ማየት ጀመርኩ። አማቷ በየጠዋቱ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ደህና ናቸው። ባሏ ሥራ ይውላል፤ ደህና ነው። ከዚያ ክፍል የማይወጡት እህቴና ሕፃኗ ብቻ ናቸው። ሕፃኗ ደግሞ እንቅልፍ አብዝታ ነበር፤ እንድትጠባ ጉንጯን መነካካት ያስፈልግ ነበር። አማቷ ጨዋ ልጅ ናት ብለው አመሰገኗት። እኔ ግን በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እጄን አፍንጫዋ ሥር እየሰደድኩ ትንፋሿን እፈልግ ነበር።

መናገር አቃተኝ። የካህን ሚስት፣ ልጅ የቀበሩ እናት፣ እኔ ምን ብዬ? በሩን ገርበብ አድርጌ መውጣት ጀመርኩ። እሳቸውም ተነሥተው ይዘጉታል። አንድ ቀን፣ "ጭራሽን ውጭ እየተውሽው ነው እንዴ የምትገቢው?" አሉኝ። እህቴ እንኳ ሳቀች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ብርድ ልብሱን መልሼ ወተፍኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ረፋዱ ላይ ውኃ ይዤ ስገባ እህቴ ልትነሣ ብላ መሬት ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ከቅዳሴ የተመለሱት አማቷ አንድ እጃቸው ቋጠሮው ውስጥ ነበር። ሕፃኗ አልጋው ላይ ናት፤ ብጠራት፣ እግሯን ብይዘው አልነቃችም፤ እጇን ባነሣው እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

ባልዲው ከእጄ እንዴት እንደወደቀ አላውቅም። ሕፃኗን አንሥቼ በአማቷ ክንድ ላይ አስቀመጥኳት።

"እማማ፣ ይዘዋት ውጭ ይውጡ።"

"በዚህ ብርድ? አብደሻል? ልትገድያት ነው?"

"የሚገድላት ፍሙ ነው።"

ድምፄን እኔም አላወቅሁትም። ወጡ። እህቴን በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኳትና ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ከዚያ ተመልሼ የመስኮቱን ጨርቅ ሁሉ ነቅዬ ጣልኩ፤ ማንደጃውንም አውጥቼ ግቢው መሀል አኖርኩት። ሕፃኗ ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ሲነካት ፊቷን አኮማተረች። ከዚያ አለቀሰች። ያንን ለቅሶ ያህል ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሁለቱንም ኦክስጅን ሰጧቸው። ነርሷ ቤት ውስጥ ምን ይነድ እንደነበር ጠየቀችን፤ እኔ ነገርኳት። የከሰል ክፉ አየር ሽታም መልክም የለውም አለችን። ፍሙ ነጭ አመድ ለብሶ፣ ጭስ ጨርሶ እንኳ ያን አየር ማውጣቱን አይተውም። ዕጣኑ ያውደናል፣ እኛም አየሩ ደህና ይመስለናል። ተዘግቶ የሚታፈን ቤት ውስጥ ደግሞ ለትንንሾች ይብሳል አለች። አማቷ እየሰሙ የነጠላቸውን ጫፍ ያዩ ነበር።

ስንመለስ ዕጣኑን ይተዉታል ብዬ ነበር። አልተዉም፤ እስከ ክርስትናው ሊያጨሱ የተሳሉት ስለት ነው። ከሰሉን ግን ለእኔ ተዉልኝ። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ አያይዤ ጥቁሩ እስኪጠፋ፣ አመድ እስኪለብስ እጠብቃለሁ። እህቴና ሕፃኗ ተጠቅልለው ጎረቤት ይሄዳሉ። በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ከታች አመድ ባነጠፍኩበት የሸክላ ማጨሻ ውስጥ ትንሽ ፍም ብቻ አድርጌ፣ ከመጋረጃው አርቄ መሬት ላይ አኖራለሁ። አማቷ ከዕጣኑ ቆንጠር አድርገው ይጨምራሉ፤ ይጸልያሉ። እኔ ከአጠገባቸው አልርቅም። ሲያበቁ ፍሙን አውጥቼ ግቢ ውስጥ ውኃ አፈስበታለሁ። አራሷ የምትመለሰው ቤቱ ሲናፈስ ነው። ለብርዱ ሌላ ብርድ ልብስ ተገዛ።

ሰላም ግን አላገኘሁም። ሕፃኗ ትንሽ ረዘም አድርጋ ከተኛች አሁንም እጄ ወደ አፍንጫዋ ይሄዳል።

ክርስትናው አልፎ አማቷ ወደ አንኮበር ሊመለሱ ዕቃቸውን ባሰሩበት ቀን ግቢ ውስጥ ፍም እያጠፋሁ ነበር። መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ውኃው ፍሙ ላይ ቸስስ ሲል አዩ።

"ያኔ አንኮበር እኛም ፍም አስገብተን በሩን ድፍን አድርገን ነበር" አሉ። "ልጄ አልታመመም። ተኝቶ ነው የቀረው። ዕጣን አሳንሼበት ነው እያልኩ ኖርኩ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"አትመልሽልኝ፣ ልጄ። ወደ ቤት ግቢና መስኮቱን ከፈት አድርጊው።"