የሦስተኛው ጥያቄ መልስ

እህቴ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት ካውያ ስትገፋ ኖረች። የአየር ማስወጫው ተበላሽቶ ሴቶቹ ሲታፈኑ፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አቤቱታ አስገባች። በሳምንቱ የሰው ኃይል ኃላፊው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ አባረራት። «ሕጉን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የትም አትደርሺም» አላት። ምስኪን አመነችው። ከእኔም ደብቃ ቆይታ የክስ ጊዜው አለፈ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ያ ሰውዬ የቅዳሜ ክፍሌ ተማሪ ሆኖ ሲመጣ ደሜ ፈላ። የእህቴን ታሪክ የፈተናው ሦስተኛ ጥያቄ አደረግሁት፤ የልብሱን ፋብሪካ ብቻ በጫማ ፋብሪካ ቀየርሁት።

«አቤቱታ ማቅረብ የስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም» ብሎ ጻፈ። «ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው። ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ ካልሆነም ካሣ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝና የስንብት ክፍያ ይገባታል።»

ምን ይወጣለታል! ጥርሴን ነክሼ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ወረቀቱን ሲቀበለኝ ፈገግ አለ።

«መምህር፣ ሦስተኛዋ ጥያቄ ቀላል ነበረች። ግን እንዲህ ዓይነት ጨካኝ አሠሪ በእውነት አለ እንዴ?»